ሃያ ብር እንዴት ሰባ አራት ብር ይሆናል?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከጣና አስጋሪዎች ቆሮሶ እየገዛሁ፣ ፊሌቶ እያስወጣሁ ለአንድ ትልቅ ሆቴል ማቅረብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በሳምንት 120 ኪሎ ይወስዳሉ። ውላችን በየዓመቱ ይታደሳል፤ በኅዳር 2017 የፈረምነው ጥቅምት 30 ያበቃል። ዋጋው በኪሎ 490 ብር ነው። ያን ጊዜ ሙሉውን ዓሣ በኪሎ 130 ብር እገዛ ነበር፤ ዛሬ 150 ነው። አንድ ኪሎ ፊሌቶ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ዓሣ ይፈጃል። ለሚያወጡልኝ ልጆች በኪሎ 30 ብር እከፍል የነበረውን 36 አድርጌአለሁ። በረዶ፣ ፌስታልና ማጓጓዣ ተደምሮ 28 ብር የነበረው 36 ገብቷል። አሁን በየኪሎው ከኪሴ እየጨመርኩ ነው የማቀርበው።

የሆቴሉ የግዥ ኃላፊ እንደ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ማንም ሳያውቀኝ ያመኑኝ እርሳቸው ናቸው፤ እናቴ ስታርፍም ለቅሶ ደርሰውኛል። ‹ዋጋ ይጨመርልኝ› ልላቸው ሄጄ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ‹620 ጠይቂ፣ ተከራክራችሁ 570 ላይ ትቆማላችሁ› ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዝም ብለሽ ውሃ ያዘለውን መዝኚላቸው› ትለኛለች፤ ይህን አላደርገውም። አንዳንድ ቀን ‹ለምን ዛሬውኑ አላቆምም› እላለሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ጥያቄዬ ሌላ አቅራቢ እንዲፈልጉ ቢያነሣሣቸውስ? ክፍያው ደግሞ የሚደርሰኝ በ45 ቀን ነው፤ የምሠራው በዓመት 18 በመቶ ወለድ በተበደርኩት ገንዘብ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ጨንቆኛል፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የነበርኩ ሰው ነኝ። ወደዚህ ዓምድ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት በሆቴል የግዥ ክፍል ሠርቻለሁ፤ እንደ አንቺ ያሉ አቅራቢዎች የሚያመጡትን ደብዳቤ ተቀብሎ አንብቦ «እስቲ እናየዋለን» የሚለው ሰው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከሆድሽ ጭንቀት በፊት የእርሳቸውን ጠረጴዛ ላሳይሽ።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ በዓመት መጨረሻ የሚከመሩት ደብዳቤዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። «በወቅቱ የዋጋ ንረት ምክንያት ዋጋችንን ለማሻሻል የተገደድን መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን» ይላሉ፤ ከሥር አዲስ ቁጥርና ማኅተም አለ። አትክልት አቅራቢውም፣ ሳሙና አቅራቢውም፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያመጣውም ቃል በቃል ይህንኑ ነው የሚጽፉት። እኔ ያን ወረቀት ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ስገባ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ለምን ይህን ያህል?» መልስ አልነበረኝም። መልስ ስለሌለኝ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስተኛዋለሁ፤ አቅራቢው ሲደጋግም ሌላ ዋጋ አሰባስባለሁ። አቅራቢውን ስለጠላሁት አልነበረም፤ ላግዘው ብፈልግ እንኳ የምናገረው ነገር አልሰጠኝም።

የአንቺም ኃላፊ ገንዘቡን ከኪሳቸው አይከፍሉም። ከበላያቸው ሥራ አስኪያጅና የሒሳብ ክፍል አለ። ይሉኝታሽ የመጣው ጭማሪውን ከእርሳቸው እንደምትወስጂ አድርገሽ ስለቆጠርሽው ይመስለኛል። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ የፈራሽው የእርሳቸውን ፊት ነው ወይስ «ለምን?» ሲሉሽ የምትመልሺው ማጣትሽን? ሁለተኛው ከሆነ መድኃኒቱ እርሳስና ወረቀት ነው። ለለቅሶ የደረሰሽን ሰው የምታከብሪው በአለቃቸው ፊት የሚያቆማቸው ወረቀት ስትሰጫቸው ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ከባዱ ነገር ሃያ ብሯ ናት። ኃላፊው ገበያ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ዓሣ ከ130 ወደ 150 መውጣቱን ከአንቺ ቀድመው ሰምተው ሊሆን ይችላል። በአእምሯቸው ውስጥ ያለው ጭማሪ ሃያ ብር ነው። አንቺ ግን ሃያ ብር ጠይቀሽ አትድኚም። ሦስት ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ከሆነ፣ ሃያው ብር ሥጋው ላይ ሲደርስ ስልሳ ብር ነው። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሁሉ በ150 ብር ተገዝቶ ነው የሚጣለው። በዚያ ላይ ለልጆቹ ስድስት ብር፣ ለበረዶና ለማጓጓዣ ስምንት ብር ጨምሪ፤ ሰባ አራት ብር ይመጣል። ከ490 ጋር ሲደመር 564 ነው። ይህ ዋጋሽ ነው፤ ጭማሪው 15 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ትርፍሽንም ላስላልሽ። ስትፈርሚ ወጪሽ 390 ለዓሣ፣ 30 ለጉልበት፣ 28 ለቀሪው፣ በድምሩ 448 ነበር፤ በኪሎ 42 ብር ይተርፍሽ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ወጪሽ 522 ደርሷል፤ በየኪሎው 32 ብር፣ በሳምንት 3,840 ብር ከኪስሽ ይወጣል። 564 ላይ ብትዋዋሉ ትርፍሽ ተመልሶ ያው 42 ብር ነው። በመቶኛ ካየሽው እንዲያውም ቀንሷል። በዚህ ዓመት በእጅሽ ያለው ትልቁ ቃል ይህ ነው፦ «የጨመረው የወጪው ልክ ነው፤ የእኔ ድርሻ በአንድ ብር አልጨመረም።» ከዚህ አልፈሽ ግን 42 ብር መሆኑን አትናገሪ። የተለወጡትን ሦስት ወጪዎች አሳዪ፣ መዝገቡን በሙሉ አትዘርጊ። ትርፍሽን በቁጥር ያወቀ ገዢ በሚቀጥለው ዓመት ድርድሩን የሚጀምረው ከዚያች ቁጥር ነው፤ እኔም እንደዚያ አደርግ ስለነበር አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ሰነፍ ልምዳችን ልምጣ። «ሦስት ኪሎ ይፈጃል» ያልሽው መቼ የመዘንሽው ነው? ብዙ አቅራቢ ይህን ቁጥር ሥራ ሲጀምር አንድ ቀን ይሰማውና ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ቆሮሶ ቆዳው ተገፎ ሥጋው ብቻ ሲወጣ ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ገደማ መስጠቱ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ በዓሣው መጠንና በቢላዋው እጅ ይለዋወጣል። የመረብ ዐይን እየጠበበ ትንንሽ ዓሣ ወደ ገበያ ሲበዛ፣ ጭንቅላትና አጥንቱ ከሥጋው ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ይጨምራል፤ በትንሹ ዓሣ ላይም ቢላዋ ብዙ ሥጋ አጥንቱ ላይ ይተዋል። ስለዚህ ለማንም ምንም ከመናገርሽ በፊት በሦስት የተለያዩ ቀናት አሥር አሥር ኪሎ መዝነሽ አስወጪ። ሥጋውን ውሃው በደንብ ከተንጠፈጠፈ በኋላ መዝኚ፤ አለዚያ ራስሽን ታታልያለሽ። ከአሥሩ 3.3 ኪሎ ከወጣ ሦስት ያልሽው ልክ ነው። 2.9 ብቻ ከወጣ ግን ለአንድ ኪሎ የሚፈጀው 3.4 ኪሎ ያህል ነው፤ ዓሣው ብቻ 510 ብር ገባ፣ ወጪሽ 582 ሆነ፣ ያንኑ 42 ብር ለማትረፍ 624 መጠየቅ ነበረብሽ ማለት ነው። የባለቤትሽ 620 ያን ጊዜ ማጋነን መሆኑ ይቀራል። የኪሳራሽን ልክ ገና አታውቂው ይሆናል የምልሽ ለዚህ ነው። ሥጋው ያነሰው ዓሣው ስላነሰ ሳይሆን ልጆቹ አጥንት ላይ ስለሚተዉት ከሆነ ደግሞ ያ የአንቺ ሥራ ነው፤ ሆቴሉ ሊከፍለው አይገባም። ለመለየት ቀላል ነው፤ ካወጡት በኋላ አጥንቱን አንሥተሽ እጅሽን አሳልፊበት፣ ሥጋ ከተላጠልሽ መልሱን አገኘሽ። ከዚህ በታች የምናገረው በሦስት ኪሎ ሒሳብ ነው፤ ሙከራሽ ሌላ ከሰጠሽ ቁጥሩን ራስሽ ተኪው።

ባለቤትሽ የሚለው አካሄድ በቅዳሜ ገበያ በግ ለመግዛት ይሠራል፤ ሻጩና ገዢው ነገ ላይገናኙ ይችላሉና። አንቺ ግን በሳምንት ሦስት አራቴ በዚያ ቤት የጓሮ በር ትገቢያለሽ። 620 ብለሽ በአንድ ስብሰባ 570 ላይ ብትወርጂ፣ ኃላፊው በልባቸው የሚይዙት ያገኙትን ቅናሽ አይደለም፤ ሳይከራከሩ ቢቀሩ ኖሮ ሊወሰድባቸው የነበረውን ሃምሳ ብር ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት የከፈሉሽን ዋጋም መልሰው ይጠረጥራሉ። በሚቆጠር ምክንያት የቆመ 564 ግን ሊሰበር የሚችለው ከምክንያቶቹ አንዱ ሲሰበር ብቻ ነው። ስለ ጓደኛሽ ምክር አንቺው መልሰሻል። ወጥ ቤቶቹ ይህን እንደሚያውቁት ብቻ ልጨምርልሽ፦ ውሃ ያዘለ ፊሌቶ መጥበሻ ላይ ሲወድቅ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ሥጋው ይጨማተራል፣ በሳህን ላይ ግማሽ ሆኖ ይቀርባል።

ዛሬውኑ ማቆም የሚለውን ተዪው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1764 ላይ፣ ውል ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም እንደጸና እንደሚቆይ ይደነግጋል፤ ሁኔታው ተለወጠ ተብሎ ውሉ የሚሻሻለው በመሠረቱ ተዋዋዮቹ ሲስማሙ ነው። ዓሣ መወደዱ ከግዴታሽ አያወጣሽም። እስከ ጥቅምት 30 ስድስት ሳምንት ቀርቶ ከሆነ በዛሬው ሒሳብ 23,040 ብር ትከስሪያለሽ። ያማል። ግን ይህ ገንዘብ በስብሰባው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ምሬት የሚነገር ነው፦ «ከወጪዬ በታች ቢሆንም ውሉ እስኪያልቅ አንድም ቀን አላጎደልኩም፣ አላጎድልምም።» ለመደራደሪያ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ጊዜው ዛሬ ነው። ውልሽን አውጥተሽ ስለ እድሳት የተጻፈውን አንብቢ፤ ብዙ ውሎች የ30 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃሉ። የአንቺ ውል ዝም ቢል እንኳ ከዚያ አታሳጥሪው። ሆቴሉ በጥቅምትና በጥር መካከል ነው እንግዳ የሚበዛለት፤ የጉብኝት ቡድኖችን የምግብ ዋጋ አስቀድሞ ተስማምቶ ይቀመጣል፣ የምግብ ዝርዝሩንም ከዚያ በፊት ያሳትማል። በጥቅምት 28 የሚደርስ የ15 በመቶ ጭማሪ፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ለግዥ ኃላፊው የአለቃ ቁጣ ነው። በመስከረም የደረሰው ያው ቁጥር ግን የሥራ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ በአካል ሂጂ፣ ደብዳቤውን በዚያው ቀን ማታ ወይም በማግሥቱ አስገቢ። ደብዳቤው ከቀደመሽ ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ ይመስላቸዋል። ሻይ በመጠጣት እንዳያልቅ ደግሞ አስቀድመሽ ደውለሽ የምትመጪበትን ነገር ተናገሪ፦ «ጋሼ፣ ስለ ውሉ እድሳት ግማሽ ሰዓት ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ፤ ዋናው ወጥ ቤትም ቢገኙልኝ ደስ ይለኛል።» ይህን ካልሽ በኋላ ስለ ልጆች ጤንነት ጠይቀሽ ብቻ መመለስ አትችዪም። ስትቀመጪም ቁጥሩን አታስረዝሚው። «ከኅዳር ጀምሮ ፊሌቶውን በኪሎ በ564 ብር ላቀርብ ነው የምጠይቀው። ሰባ አራት ብር ጨምሯል። ከየት እንደመጣ በዚህ ወረቀት ላይ አለ፤ አብረን እንየው።» ከዚያ ዝም በዪ። ለእኛ ዝምታ ይከብደናል፤ «ከከበዳችሁ ግን…» የምትለዋ ቃል ከአፍሽ አምልጣ ሃያ ብር ይዛብሽ ትሄዳለች።

ወጥ ቤቱ እንዲገኙ ያልኩት ለሚዛኑ ነው። ቁጥሩን የሚጠራጠር ካለ «ነገ ጠዋት አሥር ኪሎ ሙሉ ዓሣ ይዤ ልምጣ፣ እዚሁ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ በእናንተ ሚዛን እናውጣው» በዪ። አስቀድመሽ ቤትሽ ሦስት ጊዜ ስለመዘንሽ ውጤቱ አያስደነግጥሽም። ሃያው ብር ስልሳ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ንግግር የለም፤ የተረፈው የአጥንት ክምር ራሱ ይናገራል።

ዓሣው ለምን ተወደደ ቢሉሽ የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ። የናይለን መረብ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መረብ የተበጠሰበት አስጋሪ አዲሱን የሚገዛው በዚህ ምንዛሪ ነው። ቤንዚንም ውላችሁን ስትፈርሙ በአዲስ አበባ በሊትር 91 ብር ገደማ ነበር፣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር አለፈ። ይህን መንግሥት ራሱ የሚያሳውቀው ስለሆነ ማንም አይከራከርሽም። ግን ተጠንቀቂ፦ ዓሣሽ በሞተር ጀልባ ነው የሚመጣው ወይስ በታንኳ? አንድ ጊዜ አንድ አቅራቢ ስለ ቤንዚን አልቅሶልኝ ሲጨርስ፣ አጠገቤ የነበረ የዘጌ ልጅ «የደንገል ታንኳ ከመቼ ወዲህ ነው ቤንዚን የሚጠጣው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሰውዬው ዓሣውን ከታንኳ አስጋሪዎች ነበር የሚገዛው። ሌላው ምክንያቱ ሁሉ እውነት ነበር፤ ከዚያች ሣቅ በኋላ ግን ምንም ማሳመን አልቻለም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የዓሣ ፊሌቶ አቅርቦት ውል እድሳትን ይመለከታል። ጥቅምት 30 የሚያበቃው ውላችን ለአንድ ዓመት እንዲታደስ እየጠየቅሁ፣ ከኅዳር 1 ጀምሮ ዋጋው በኪሎ ከ490 ወደ 564 ብር እንዲሻሻል አቀርባለሁ። የጭማሪው 74 ብር ዝርዝር፦ የሙሉ ዓሣ ዋጋ በኪሎ 20 ብር በመጨመሩ በሦስት ኪሎ 60 ብር፣ የማውጫ ጉልበት 6 ብር፣ በረዶ፣ ማሸጊያና ማጓጓዣ 8 ብር ነው። የአቅራቢው ድርሻ በብር አልጨመረም። የጥራት፣ የመጠንና የማድረሻ ሰዓት ግዴታዎቼ እንደነበሩ ይቀጥላሉ። የነባሩን ውል ቀሪ ጊዜ በነባሩ ዋጋ እፈጽማለሁ። እስከ ጥቅምት 10 ምላሻችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

«የተገደድን»፣ «ከአቅማችን በላይ»፣ «ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚሉ ቃላት የሉበትም። ይቅርታ የሚጠየቀው ለጥፋት ነው። የግዢ ደረሰኝ ወይም ከማኅበሩ የተቀበልሽው ወረቀት ካለሽ የሁለት ወር ያህሉን አያይዥ፤ ከሌለሽ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ የገዛሽበትን ዋጋ ደብተር ላይ እያስፈረምሽ መዝግቢ። መልሳቸውንም በቃል ብቻ አትቀበዪ። «እሺ፣ ቀጥዪ» ብለውሽ ውሉ ሳይፈረም ኅዳር ከገባ፣ የሒሳብ ክፍሉ በ490 መክፈሉን ሊቀጥል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ ከዋጋው ይልቅ ወዳጅነታችሁን ይበላዋል።

አሁን በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንድ መስመር ወዳለፍሻት፣ እኔ ግን ዋና ወደምላት ነገር ልምጣ፦ 45 ቀን። በአዲሱ ዋጋ በሳምንት 67,680 ብር የሚያወጣ ዓሣ ታስገቢያለሽ። በ45 ቀን ክፍያ ሁልጊዜ 435,000 ብር ያህል ገንዘብሽ ሆቴሉ ዘንድ ተኝቷል። 15 ቀን ቢሆን የሚተኛው 145,000 ብር ነበር። ልዩነቱ 290,000 ብር ነው፤ ለእርሱ በ18 በመቶ በዓመት 52,200 ብር ወለድ ትከፍያለሽ። በዓመት ለምታቀርቢው 6,240 ኪሎ ሲካፈል በየኪሎው ከስምንት ብር በላይ ይወጣዋል። እንግዲህ ሆቴሉን የምታበድሪው አንቺ ነሽ፣ ወለዱንም የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሁለት ዋጋ ይዘሽ ግቢ፦ በ45 ቀን 564፣ በ15 ቀን 556። ለአንቺ ሁለቱም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ለግዥ ኃላፊው ግን ትልቅ ስጦታ ነው፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሲገቡ «ጨመረች» ከማለት ይልቅ «ምርጫ አቅርባለች፣ እኔም ይህን አስቀነስኩ» ይላሉ። የሰጠሽው ቅናሽ ከትርፍሽ ያልተቆረሰ ስለሆነም በሚቀጥለው ዓመት አይቆጭሽም። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀኑ ካለፈ ዋጋው ወደ 564 እንደሚመለስ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። የ15 ቀን ተስፋ ሰጥቶ በ50 ቀን የሚከፍል ሆቴል አይቻለሁ።

ሁለተኛዋ የምትጠይቂያት አንቀጽ የሚቀጥለው ዓመት ራስ ምታት እንዳይደገም ነው። በጾመ ነቢያትና በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይዘላል፤ አንድ ቁጥር ለዓመት ማሰር ለሁለታችሁም ቁማር ነው። 150 ብርን መነሻ አድርጉ። የወሩ አማካይ የመግዣ ዋጋ ከመነሻው ከአሥር ብር በላይ ከራቀ፣ በየአንድ ብሩ ልዩነት የፊሌቶው ዋጋ ሦስት ሦስት ብር ይንቀሳቀስ። አማካዩ 165 ቢደርስ 45 ብር ይጨመራል፤ 135 ቢወርድ 45 ብር ይቀነሳል። መቀነሱን በራስሽ አፍ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ሚዛን ማንም አይፈርምልሽም። የወሩን አማካይ ከየትኛው ደብተር እንደምታወጡት፣ ማን እንደሚፈርምበትም አብሮ ይጻፍ።

«ዘንዶውስ?» ትዪኛለሽ። አዎን፣ የሌላ አቅራቢ ዋጋ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ መጠየቅ ሥራቸው ነው፣ እንደ ክህደት አትቁጠሪው። ሌላውም አቅራቢ ግን ከዚያው ሐይቅ፣ በዚያው 150 ብር ነው የሚገዛው። 500 ብር ያለ ካለ ወይ ሒሳብ አያውቅም፣ ወይ የጓደኛሽን ምክር ሰምቷል፤ ኃላፊው በረዶው ከሟሟ በኋላ እንዲመዝኑት ብቻ ንገሪያቸው። በእርግጥ በጀት የለንም ካሉ ደግሞ ከዋጋው በፊት ዕቃውን ንኪ። ከ120 ኪሎው ስንቱ ለጉላሽና ለለብለብ፣ ስንቱ ለጥብስ እንደሚሄድ ወጥ ቤቱን ጠይቂ። ለሙሉ ጥብስ የሚሆነው ሆዱና ቅርፊቱ ብቻ ወጥቶ ሊቀርብ ይችላል፤ የሚጣለው በጣም ስለሚቀንስ ዋጋው ከፊሌቶ በእጅጉ ይወርዳል። በአምባዛ መተካት ግን አትቸኩዪ፤ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበላ እንግዳ በአገራችን ብዙ ነው፣ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በስሙ ካልተጻፈ ጣጣው ለአንቺ ይተርፋል።

ይህም ሁሉ አልሆነ እንበል፣ የቡድን እንግዶቹን ዋጋ አስቀድመን ቆርጠናል አሉሽ። ያን ጊዜ ብቻ ለኅዳርና ለታኅሣሥ 530 ብር ተቀበዪ፤ ከጥር 1 ጀምሮ ግን 564 እንደሚሆን በዚያው ውል ይፈረም። ከ522 በታች ግን አትውረጂ። ከዚያ በታች የሚወርድ ዋጋ ለሆቴሉም አይበጅም፤ በሦስተኛው ወር ዓሣ የሚያመጣላቸው ሰው ያጣሉ። ይህንንም ለጋሼ በዚሁ ቋንቋ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፤ እርሳቸውም ከአንቺ ይልቅ የሚፈሩት በጾም መግቢያ ዓሣ የሌለበትን ወጥ ቤት ነው።

የመጀመሪያዋ ሥራሽ የነገ ጠዋቷ ናት። አስጋሪዎቹ ሲመጡ አሥር ኪሎውን ለይተሽ አስወጪና ስንት እንደመዘነ ጻፊልኝ፤ ከ3.3 በጣም ከራቀ ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት ሒሳቡን አብረን እንደገና እንሠራዋለን።